መንገዱን ከዘጋው ይልቅ ከላይ የቀረው ድንጋይ

ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ የክረምት ማለዳ፣ ጠጠር ሊጭን ወደ ድንጋይ ካባ የሚገባ የገልባጭ መኪና ሾፌር ኩርባውን እንደዞረ መንገዱ በቋጥኝ ተዘግቶ ያገኘዋል። ፍሬን ይይዛል፣ ይወርዳል፣ ክምሩ ድረስ ሄዶ ያያል። ከኋላው ሁለተኛና ሦስተኛ መኪና ይደርሳሉ። የቀን ሠራተኞች ዲጂኖና መዶሻ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱ ሎደር እንዲላክ ይደውላል። የሁሉም ገቢ በምልልስ ብዛት የሚሰላ ስለሆነ የሁሉም ዓይን መንገዱን በዘጋው ድንጋይ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ብዙ ሰው አሁን ከተናደው ገደል ሥር ቆሞ ይሠራል።

የካባ ናዳ ሰው የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ በዚህች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። የወደቀው ድንጋይ ሥራውን ጨርሷል። ጎረቤቱ ግን ድጋፉን አጥቶ፣ ከኋላው ውሃ ይዞ፣ ከላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ናዳውን መጀመሪያ ያየው ሰው የሚያስተላልፈው መልእክት፣ ቀጥሎ የሚመጡት ሰዎች ወደ ክምሩ እንዲሮጡ ወይም ቀና ብለው ግድግዳውን እንዲያዩ ያደርጋል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። የአንድ የተወሰነ ቦታ ታሪክ አይደለም፤ በደጋው ባዛልት ላይ የተከፈቱ ካባዎች የሚጋሩትን ጠባይ የያዘ ነው። ግድግዳው ባለ ሦስት እርከን ሲሆን እያንዳንዱ እርከን 10 ሜትር፣ ጠቅላላው 30 ሜትር ይሆናል። ብቸኛው መግቢያ መንገድ ግርጌውን ታክኮ አልፎ ወደ ክሬሸሩ ይሄዳል። ከአፋፉ በላይ የግጦሽ መሬት አለ። ከመካከለኛው እርከን የተገነጠለ ድንጋይ ከጠዋቱ 12፡40 ላይ ወርዶ መንገዱን ዘጋ። ክሬሸሩ ጋ ያደሩ ጥበቃዎችና የጄኔሬተር ሠራተኛ ከክምሩ ወዲያ ቀርተዋል።

ከ20 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ለመድረስ ሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ ይፈጅበታል። ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሰው ድምፅ ሰምቶ፣ ቀና ብሎ፣ ከየት እንደሚመጣ ለይቶ መሸሽ አይችልም፤ ያን ያህል ክብደት በዚያ ፍጥነት ሲመጣም ሄልሜት አያድንም። «ጩኸት ስንሰማ እንወጣለን» የሚለው የካባ ሠራተኞች ልማድ በዚህ ስሌት ፊት አይቆምም።

እንግዲህ ወደ ስልኩ እንመለስ። የተለመደው መልእክት «መንገዱ ተዘግቷል፣ ሎደር ላኩ» ነው። ችግሩ አደጋው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መድኃኒቱን ማዘዙ ነው። ሰሚው ጉዳዩን እንደ ትራፊክ መዘጋጋት ይወስደውና ሎደር ይልካል፤ ሎደሩ ይመጣል፣ ግርጌውን መቆፈር ይጀምራል። አሁን ደግሞ ይህን እንስማ፦

«ከጠዋቱ 12፡40 ላይ ወደ ክሬሸሩ በሚወስደው መንገድ፣ ሁለተኛው ኩርባ ጋ ድንጋይ ተንዷል። መንገዱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። ሲወድቅ ሥሩ ሰው አላየሁም፤ ግን አላረጋገጥኩም። ከክሬሸሩ በኩል ያሉት ሰዎች መውጫ የላቸውም። ከላይ አሁንም ትንንሽ ድንጋይ እየተንጠባጠበ ነው፤ ከመካከለኛው እርከን የተንጠለጠለ ቋጥኝ ይታየኛል። የራቀው ድንጋይ ከግድግዳው 25 ሜትር ያህል ተንከባሎ ቆሟል። መኪናዬን ወደ ኋላ መልሼ መንገዱን በአግድም ዘግቻለሁ። በዋናው በር በኩል ማንም እንዳይገባ።»

ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መልእክቱ ቦታውንና ሰዓቱን ይዟል፤ የሰውን ነገር አስቀድሟል፤ ያየውንና ያላረጋገጠውን ለይቷል። ከሁሉም በላይ ግን ሁለት ነገሮች ይበልጥ ይጠቅማሉ። አንደኛው ገደሉ ገና እንዳልተረጋጋ መናገሩ ነው፤ የሚንጠባጠበው ጠጠር ከኋላው ያለው እየላላ ለመሆኑ ምልክት ነው። ሁለተኛው ድንጋይ እስከ የት እንደተንከባለለ መናገሩ ነው፤ ፎርማኑ የመጀመሪያውን የእገዳ መስመር የሚያሰምረው በዚህ ነውና። ፎቶ ከተነሳም ከሩቅ፣ ግድግዳው ከአፋፉ እስከ ግርጌው በሚታይበት መንገድ ይነሳ። ክምሩን ብቻ በቅርበት የሚያሳይ ፎቶ አንሺውን አደጋ ላይ ይጥላል እንጂ ለወሳኞቹ እምብዛም አይጠቅምም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው አደጋ ሊያስከትል ይችላል ብሎ የሚያምነውንና ራሱ ሊያስወግደው የማይችለውን ሁኔታ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያዛል። አሠሪው ደግሞ በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለበት። ሰው ያልተጎዳበት ናዳ ግን በተግባር ብዙ ጊዜ ተጠርጎ ይረሳል። በካባው መዝገብ ላይ ሰዓቱ፣ የዝናቡ ሁኔታና የተነቀለበት ቦታ ቢሰፍር፣ በሚቀጥለው ክረምት ያው እርከን እንደገና ሲያንጠባጥብ የቆየ ምስክር ይኖር ነበር።

ፎርማኑ እንደደረሰ የመጀመሪያ ሥራው ሰው መቁጠር ነው። በእኛ ካባዎች ይህ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በስም መቆጣጠሪያው ላይ ቋሚ ሠራተኞች አሉ፤ ቡና አፍልታ የምትሸጠው ሴት፣ የሾፌር ረዳቱ፣ በቁጥር የሚከፈላቸው ድንጋይ ፈላጮች፣ ለአንድ ቀን የመጣ ዘመድ የሉበትም። ስለዚህ ከወረቀቱ ይልቅ ሰዎቹን አንድ ቦታ ሰብስቦ «ጠዋት ያያችሁት፣ አሁን ግን እዚህ የሌለ ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የጎደለ ሰው ካለ ጉዳዩ ወዲያው መልኩን ይቀይራል፤ ፖሊስና የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ይጠራሉ፣ ገደሉን ብቻ የሚመለከት ሰው ሳይቆም ማንም ወደ ክምሩ አይጠጋም። ከወዲያ የቀሩት ሰዎች ደግሞ በክምሩ ላይ ተንጠላጥለው እንዳይሻገሩ በስልክ ይነገራቸዋል። ከግድግዳው የራቀ የእግር መንገድ ካለ በዚያ ይወጣሉ፤ ከሌለ ካሉበት ሳይነቃነቁ ይቆያሉ።

ቀጥሎ ቦታውን መዝጋት ይመጣል። እስከ የት ይዘጋ ለሚለው አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም፤ ግን ጥሩ መነሻ አለ። በ1963 እ.ኤ.አ. አርተር ሪቺ የተባለ የዋሽንግተን ግዛት የመንገድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ድንጋዮችን ከተለያዩ ተዳፋቶች እየለቀቀ የት እንደሚያርፉ ያጠናበትን ሥራ አሳትሟል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ ድንጋዩ በአየር ላይ ይወርድና ከግርጌው ብዙም ሳይርቅ ያርፋል። ጋደል ያለ ከሆነ ተዳፋቱን እየመታ ይነጥራል፤ ይበልጥ ከተኛ ይንከባለላል። እርከን ያለው ካባ ሁለቱንም ያጣምራል፦ ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ይወርድና የታችኛውን እርከን ጠርዝ ሲመታ ወደ ፊት ይወረወራል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ ብቻ ከግርጌው አሥር እርምጃ መራቅ ይበቃል ማለት ስለዚህ ስሕተት ነው።

በምሳሌያችን ግድግዳው 30 ሜትር ነው፤ የራቀው ድንጋይ 25 ሜትር ሄዷል። ፎርማኑ ሁለቱንም አልፎ ከግርጌው 45 ሜትር ላይ አሰመረ። ሲበዛ ጠንቃቃ ሊመስል ይችላል፤ ግን መስመርን ከምርመራ በኋላ ማጥበብ ሰው ከገባ በኋላ ከማስፋት ይቀላል። በጎንም የተነቀለውን ስፋት ብቻ ሳይሆን ከሁለቱም ወገን የሚታዩትን ስንጥቆች የሚያካትት ርዝመት ይዘጋል። ፕላስቲክ ሪባን ብቻውን ሰው አይመልስም፤ የተኮለኮሉ ድንጋዮች ወይም የአፈር ቁልል መኪናን፣ በሁለቱም ጫፍ የቆመ ሰው ደግሞ እግረኛን ያስቆማል። አሜሪካ ውስጥ የማዕድን ሥራ ደህንነት ደንብ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው፦ አደገኛው ሁኔታ እስኪስተካከል ድረስ በአካባቢው ሌላ ሥራ አይሠራም፣ ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል፣ ጠባቂ የማይኖር ከሆነም መግባትን የሚያግድ መሰናክል ይቀመጣል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የላይኛው ወገን ነው። አፋፉ ላይ ከብት የሚጠብቁ ልጆች አሉ፤ ከታች ትርምስ ሲሰሙ ለማየት ወደ ጠርዙ ይመጣሉ። ገና ያልታየ ስንጥቅ ከእነሱ ኋላ ሊሆን ይችላል። ከታች የሚቆመውን ያህል ጠባቂ ከላይም ያስፈልጋል፤ ለአካባቢው ነዋሪዎችና ለቀበሌውም ወዲያው ይነገር።

ወደ ምርመራው ከመሄዳችን በፊት አንድ ጥያቄ አለ፦ በቅርብ ቀን ፈንጂ ተተኩሶ ነበር ወይ? ተተኩሶ ከሆነ ያልፈነዳ ጉድጓድ በወደቀው ድንጋይ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የፍንዳታ መዝገቡ ይታያል፣ የፈንጂ ባለሙያው ይጠራል፤ በክምሩ ውስጥ ሽቦ ወይም ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ የታየ እንደሆነ እሱ ሳያረጋግጥ ባልዲ አይነካውም፣ መዶሻም አያርፍበትም። በቋጥኝ ላይ መዶሻ ማሳረፍ የለመደ እጅ ይህን ሊዘነጋ ስለሚችል ለሁሉም ጮክ ብሎ መነገር አለበት።

ምርመራው ከሩቅ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ከላይ ይሆናል፣ ከግርጌው የሚደረገው መጨረሻ ላይ ነው። ከእገዳው መስመር ውጭ ቆሞ፣ በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አጉልቶ ድንጋዩ የተነቀለበትን ቦታ ማየት ብዙ ይናገራል። እዚያ ያለው ገጽ ጥቁር ግራጫና ንጹሕ ከሆነ ድንጋዩ አሁን ነው የተሰበረው፤ ምናልባት ከሥሩ ተቆፍሮ ሰገነት ሠርቶ ቆይቷል፣ ወይም ፍንዳታ ሰንጥቆታል። ገጹ ቡናማ ከሆነ፣ ጭቃና የዛፍ ሥር ከታየበት ግን ስንጥቁ የቆየ ነው፤ ውሃ ለዓመታት ሲመላለስበት ኖሯል። በደጋው ባዛልት ደግሞ በሁለት የላቫ ንብርብሮች መካከል ቀይ የሸክላ አፈር ማግኘት የተለመደ ነው። ሲረጥብ ይንሸራተታል፣ ታጥቦ ሲወጣ ከላይ ያለውን ባዛልት ያለ መሠረት ያስቀረዋል። ቀዩ መስመር በግድግዳው ላይ ወደ ግራና ቀኝ የሚቀጥል ከሆነ ችግሩ የአንድ ቋጥኝ አይደለም፤ እስከ መስመሩ ጫፍ ድረስ መመርመር ያስፈልጋል።

የውሃው ጉልበት ከሚገመተው በላይ ነው። ከቋጥኙ ኋላ ያለ ጠባብ ስንጥቅ 5 ሜትር ቁመት ውሃ ከያዘ፣ በስንጥቁ ታችኛ ክፍል በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 5 ቶን የሚጠጋ ግፊት ወደ ውጭ ይገፋል። የስንጥቁ ስፋት ለውጥ አያመጣም፤ የጣት ያህል ቀጭን ቢሆንም ግፊቱን የሚወስነው የውሃው ቁመት ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላም ከላይ ካለው መሬት እየሰረገ ስንጥቁን መሙላቱን ይቀጥላል፤ ፀሐይ ስለወጣ ብቻ ቦታው ደኅና ሆነ ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ትንሽ ሒሳብ እንግባ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፣ ምክንያቱም በግምት ብቻ የማይታይ ነገር ያሳያል። በመንገዱ ላይ ያለው ክምር ከሩቅ ሲገመት 12 ሜትር ርዝመት፣ 5 ሜትር ስፋት፣ በአማካይ 1.5 ሜትር ከፍታ አለው፤ 90 ሜትር ኩብ ይሆናል። ተሰባብሮ የተከመረ ድንጋይ በመካከሉ ባዶ ቦታ ስላለ፣ በግድግዳው ላይ ሳለ ከነበረው በአንድ ተኩል እጥፍ ያህል ያብጣል። ስለዚህ መንገዱ ላይ የደረሰው ጥብቅ ድንጋይ 60 ሜትር ኩብ ነው። በግድግዳው ላይ የተከፈተው ጎድጓዳ ግን 6 ሜትር ስፋት፣ 5 ሜትር ቁመት፣ 3 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ይህ ደግሞ 90 ይሆናል። 30 ሜትር ኩብ የት ሄደ? ባዛልት በሜትር ኩብ 2.8 ቶን ገደማ ስለሚመዝን የጎደለው 84 ቶን ያህል ነው። ግምቱ ሻካራ ቢሆንም ልዩነቱ በዓይን ስሕተት ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ያ ድንጋይ በመካከል ባለው የታችኛው እርከን ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ከመንገዱ ሲታይ የእርከኑ ጠርዝ ይጋርደዋል። ከላይ ሆኖ የተመለከተው ሰው ወይም ድሮን ካለ እሱ ያረጋግጠዋል።

በዚያው የናዳው ዋና ምክንያትም ብቅ ይላል። እርከን የሚሠራው ከላይ የሚወርደውን እንዲይዝ ነው። የዚህ ካባ የታችኛው እርከን ግን ለዓመታት በተንጠባጠበ ፍርስራሽ ሞልቶ ወደ ውጭ የተዳፋ ሆኖ ነበር፤ መያዙ ቀርቶ ድንጋዩን ወደ መንገዱ አሻገረው። ቢጠረግ ኖሮ ናዳው ባይቀርም ብዙው ከመንገዱ ባልደረሰ ነበር።

አፋፉ ላይ የሚሄደው ሰው ከጠርዙ ርቆ፣ ከማሳው በኩል ወደ ጠርዙ ቀስ ብሎ ይጠጋል፤ የመጀመሪያውን ስንጥቅ እንዳገኘ አይሻገረውም። ስንጥቁ ሣሩን በቅርቡ የበጠሰ ከሆነ፣ የጠርዙ ወገን ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ አጥር ወይም ዛፍ ጋደል ካለ መሬቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ከውስጥ ወገን አንድ ችንካር ይተከላል፤ ከውጭ ወገን ያለው ደግሞ ስንጥቁ ላይ ሳይረገጥ፣ ከዳር በረጅም ዘንግ ይቀመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይለካል። 402 ሚሊ ሜትር፣ 403፣ 403 እያለ የሚሄድ እየረጋ ነው። 402፣ 405፣ 411 እያለ የሚሄድ ግን እየፈጠነ ነው፤ ምርመራውም ይቆማል፣ የእገዳው መስመርም ይሰፋል፣ ማንም በአካባቢው አይቀርም።

እየፈጠነ የሚሄድ እንቅስቃሴ ምን እንደሚያስከትል በዓለም በደንብ ከተመዘገቡት ምሳሌዎች አንዱ በዩታ ግዛት የሚገኘው የቢንግሃም ካንየን የመዳብ ማዕድን ነው። እዚያ በራዳርና በሌሎች መሣሪያዎች ሲለካ የቆየው ግድግዳ እንቅስቃሴው በቀን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ሠራተኞቹ ወጡ። ኤፕሪል 10 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ከምሽቱ 3፡30 ገደማ ግድግዳው ተናደ። ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ተከተለ። በሁለቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ድንጋይ ወርዶ ዋናውን መንገድና ብዙ ከባድ መሣሪያ ቀበረ፤ አንድም ሰው አልተጎዳም። ከእኛ ካባ ጋር በመጠን አይወዳደርም። ነገር ግን በሁለቱ ናዳዎች መካከል ያለውን ጊዜ ልብ ይሏል፤ ሰው «አበቃ» ብሎ ለመግባት የሚበቃው ጊዜ ነው።

ስንጥቁ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ የማጽዳቱ ሥራ ከላይ ወደ ታች ይሆናል። ረጅም ክንድ ያለው ኤክስካቫተር ከላይኛው እርከን ወይም ከጎን ቆሞ፣ የተንጠለጠለውንና በእርከኑ ላይ የቀረውን እያንኳኳ ያወርዳል፤ በዚያን ጊዜ መንገዱ ላይ ማንም የለም። ማሽኑ ከሚያወርደው ድንጋይ ሥር እንዳይቆም ነው ነገሩ ሁሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ሎደሩ ወደ ክምሩ ይመጣል፤ እሱም ግርጌውን በመሰርሰር አይጀምርም። ክምሩ በራሱ ተዳፋት ላይ ያረፈ ነው፤ ከሥሩ ሲነካ ከላይ ያለው ቋጥኝ በካቢኑ ላይ ይንከባለላል፣ አንዳንዴም ክምሩ የግድግዳውን ታችኛ ክፍል ደግፎ ይዟል። ከላይና ከጎን እየተቀነሰ፣ በየጥቂቱ እየቆመ ግድግዳው ይታያል። የሞተር ጩኸት ድምፅን ስለሚውጥ፣ ግድግዳውን ከማየት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ሰው በጥሩምባ ወይም በፉጨት ከኦፕሬተሩ ጋር ቀድሞ በተስማሙበት ምልክት ይሠራል። «ና እዚህች ድንጋይ አንሳልኝ» ሲባል የሚሄድ ከሆነ ተመልካች የለም ማለት ነው።

መንገዱ ሲከፈት በፊት እንደነበረው አይሆንም። በግርጌው በኩል ከወደቀው ድንጋይ ራሱ የተሠራ ከፍ ያለ ግርዶሽ ይቆማል፣ መንገዱ ከግድግዳው ራቅ ብሎ በአንድ መስመር ይሄዳል፤ መኪና ቆሞ ተራ የሚጠብቅበት ቦታም ከዚያ አካባቢ ይነሳል። መክፈቻው ላይ የሚፈርመው ሰው ግድግዳውን በዓይኑ ያየ መሆን አለበት፤ በስልክ «ጸድቷል» ተብሎ የተነገረው ሥራ አስኪያጅ አይደለም። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የሚከተለው ነው፦ ምን ያህል ድንጋይ ወረደ፣ ከየት ተነቀለ፣ የቀዩ አፈር መስመር እስከ የት ይቀጥላል፣ የችንካሮቹ የመጨረሻ ልኬት ስንት ነው፣ የታችኛው እርከን መቼ ተጠረገ። ከሥሩ ደግሞ ቀጣዩ ምርመራ የሚደረግበት ጊዜ ይጻፋል፦ በየማለዳው ሥራ ሳይጀመር፣ ከእያንዳንዱ ፍንዳታ በኋላ፣ እና ዝናብ ባደረበት ጠዋት የመጀመሪያው መኪና ከመግባቱ በፊት።